የሱቅ መክፈቻና መዝጊያ ወረቀት፦ ሁሉም ሳጥን ራይት አለበት፣ ወተቱ ግን ተበላሽቷል

ሰላም ለሁላችሁም። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሚኒ ማርኬት አለችኝ። ሁለት ልጆች ናቸው የሚሠሩት። ልጅቷ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ልጁ ከ8 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት። እኔ ሌላ ሥራ ስላለኝ ሱቁ ሲከፈትም ሲዘጋም ብዙ ጊዜ አልኖርም። ለዚህ ብዬ አንድ ወረቀት አዘጋጀሁላቸው። 24 መስመር አለው። በየመስመሩ መጨረሻ ራይት የሚደረግበት ትንሽ ሳጥን፣ ከገጹ ግርጌ ደግሞ የፊርማ ቦታ። መክፈቻው ጓጉንቸሩን ማየት፣ ፍሪጅ ማየት፣ መነሻ ብር መቁጠር፣ ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ማውጣት ይላል። መዝጊያው የቀኑን ሽያጭ የሚያሳየውን ዜድ ሪፖርት ከማሽኑ ማውጣት፣ ብር መቁጠር፣ መብራት ማጥፋት፣ በር መቆለፍ፣ ሌላም ሌላም።

ሁለት ወር ተጠቀምንበት። አንድም ቀን ባዶ ሳጥን አላየሁም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሁለት ነገር ተደራረበ። አንዲት እናት ጠዋት የገዙትን የላስቲክ ወተት መልሰው አመጡት፤ ሲያፈሉት ተበጣጥሶባቸዋል። ማታ ደግሞ ሂሳብ ሲዘጋ 840 ብር ጎደለ። ወረቀቱን አገላብጬ ሳየው ንጹሕ ነው። ፍሪጅ ታይቷል፣ ብር ተቆጥሯል። በማግስቱ ሳልናገር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ገባሁ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ዕቃ እየገዙ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን በር ተቆልፏል የሚለው ሳጥን ራይት ተደርጎበታል። ከላይ እስከ ታች ያሉት ራይቶች ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ፣ ታች ያሉት ከላይኞቹ እየቀጠኑ የሄዱ። በአንድ ትንፋሽ እንደተሞሉ ያስታውቃሉ።

ልጆቹ ሌቦች አይመስሉኝም። ለልጁ ግን ተናድጄ ጉድለቱ ከደሞዝህ ይቆረጣል ብዬዋለሁ። ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ወረቀቱን እንዴት አድርጌ ብሠራው ነው እውነቱን የሚጽፉበት?

(ክሩ ስለረዘመ ከዚህ በታች መልሶቹን በራሴ አነጋገር አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ተራ ናቸው።)

መልስ 1። ሐዋሳ ሱቅ ያላት እህት ናት። በጣም በትሕትና ነው የጀመረችው። 24 መስመር ለሁለት ሰው ብዙ ነው አለች። እሷም መጀመሪያ መጥረጉን፣ መወልወሉን፣ መደርደሪያ ማስተካከሉን ሁሉ ጽፋ ነበር። ኋላ ላይ ገብቶ በዓይን የሚታየውን ነገር ሁሉ አወጣችው። ወለሉ ካልተጠረገ ይታያል፤ ወረቀት አያስፈልገውም። አሁን የቀራት 9 መስመር ነው፤ ቢረሳ ገንዘብ የሚያስከፍለው ብቻ።

መልስ 2። አንድ ወንድም ሱቅ ለመክፈት ንግድ ፈቃድ የት እንደሚወጣና ስንት ብር ካፒታል እንደሚበቃ ጠየቀ። መክፈቻ የሚለውን ቃል አይቶ ነው የገባው።

መልስ 3። ሌላ ሰው ጥያቄው ስለ ጠዋት በር መክፈት እንደሆነ ነገረውና የራሱን ክር እንዲከፍት መከረው። እሱም አመስግኖ ወጣ።

መልስ 4። ይሄ ሰው ዓመታት በሱፐርማርኬት ዋና ካሸርነት የሠራ ነው። ክሩን ክር ያደረገው እሱ ነው። ራይት የሚያስደርግ መስመር ሁሉ መልሱን አስቀድሞ ይናገራል፣ ሰውየው መስማማት ብቻ ነው የሚጠበቅበት አለ። ፍሪጅ ታይቷል ተብሎ ከተጻፈ ማንም ታይቷል ነው የሚለው። በቦታው ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ መስመር ይግባ። ፍሪጁ ስንት ዲግሪ ነው? መሳቢያው ውስጥ ስንት ብር አለ? ጓጉንቸሩ በስንት ሰዓት ተከፈተ? ቁጥር ለመጻፍ ሄዶ ማየት ግድ ነው። ዝም ብሎ ቢጻፍ እንኳ በሳምንቱ 5፣ 5፣ 5፣ 5 እያለ ስለሚደጋገም ራሱ ያጋልጣል።

ቴርሞሜትሩን እንዴት እንደሚያስቀምጥም ነገረን። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ውሃ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ያኖረዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ ውሃው ግን ቶሎ አይቀየርም፣ የወተቱን ትክክለኛ ሁኔታ የሚናገረው እሱ ነው። 5 ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ ሰላም ነው። በረዶ ለሚያረጋው ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18።

ከዚያ እኔ ጭራሽ ያላሰብኩትን ነገር አነሳ። ወረቀቴ መክፈቻና መዝጊያ አለው፣ የ8 ሰዓቱ ርክክብ ግን የለበትም። ጠዋት አንዷ ትቆጥራለች፣ ማታ ሌላው ይቆጥራል፣ በመሀል መሳቢያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ማንም አይቆጥርም። ስለዚህ 840 ብሩ የጎደለው በማን ሰዓት እንደሆነ ወረቀቱ ሊነግረኝ አይችልም። ፊርማውም ከግርጌ አንድ ቦታ መሆኑ ስህተት ነው አለ። ሦስት ክፍል፣ ሦስት ፊርማ። የመዝጊያው ክፍል ደግሞ ለብቻው ወረቀት ላይ ሆኖ ከማታው 2፡30 በፊት እንዳይወጣ።

መልስ 5። ንግግሩ ቆጣ ያለ ነው። ይሄ ሁሉ ወረቀት ጊዜ ማባከን ነው፣ ካሜራ ይገጠም፣ ዜድ ሪፖርቱ ይታይ፣ የጎደለውን የጎደለበት ሰው ይክፈል፣ አለቀ። ስለ ዜድ ሪፖርቱ የተናገረው ግማሹ ልክ ነው። የቀኑን ሽያጭ ቆልፎ የሚያሳየው እሱ ነው፣ ያለ እሱ ቆጠራው ከምን ጋር ይተያያል?

መልስ 6። ከሐዋሳዋ እህት። ዜድ ሪፖርት የሚያውቀው ማሽኑ ላይ የተመታውን ብቻ ነው ብላ መለሰችለት። ለዳቦ አምጪው ከመሳቢያ የተከፈለውን አያውቅም። ተሰብስቦ የገባ ዱቤን አያውቅም። ካሜራውም እጅ ያሳያል እንጂ ሂሳብ አይሠራም። 5ኛው ሰውዬ ደግሞ ሴት ልጅ ስለ ካሜራ አታውቅም የሚል ነገር ጻፈ፤ አወያዩ አጥፍቶበታል።

መልስ 7። እኔ ነኝ። 4ኛው ሰው ስለጠየቀኝ የማክሰኞን ቁጥሮች አወጣሁ። መነሻ 1,500 ብር። ዜድ 23,460። ልጆቹ በቴሌብር የተከፈለውን በደብተር ይመዘግባሉ፤ ድምሩ 9,870። የገባ ዱቤ 600። ለዳቦ 1,200፣ ለጽዳት ዕቃ 150 ወጥቷል። ማታ መሳቢያ ውስጥ የተገኘው 13,500።

መልስ 8። 4ኛው ሰው ተመልሶ መጣ። ከ23,460 ላይ 9,870 ሲቀነስ በጥሬው የተሸጠው 13,590 ነው። መነሻውንና ዱቤውን ደምሮ ወጪውን ሲቀንስ 14,340 መኖር ነበረበት። የተገኘው 13,500። ልክ 840። ከዚያ በደብተሩ ላይ መመካቴን ትቼ በሱቁ ስልክ ላይ ከ127 የመጡትን የቴሌብር መልእክቶች አንድ በአንድ እንድደምር አዘዘኝ። ደመርኩ። 10,710 መጣ። ከደብተሩ በ840 ይበልጣል።

ብሩ አልጠፋም ማለት ነው። አንድ ደንበኛ 840 ብር በቴሌብር ከፍሏል፣ ደብተሩ ላይ ግን አልተጻፈም። መልእክቱ የደረሰበትን ሰዓት አየሁት፦ 13:56። በእኛ 7፡56 ነው፤ ልጅቷ ልትወጣ ልጁ ሊረከብ 4 ደቂቃ ሲቀረው። እሷ እሱ የሚጽፈው መስሏታል፣ እሱ እሷ የጻፈችው መስሎታል። እዚያችው ማታ ልጁን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከደሞዙ አልተቆረጠም።

መልስ 9። አንዲት የሱቅ ሠራተኛ ናት፣ ከሁሉም የከረረው የእሷ ነበር፤ እውነቷን ነው። ቀድሞ በሠራችበት ቦታ ሦስት ወር በተከታታይ ጉድለት ተብሎ ተቆርጦባታል፣ አንድም ቀን ሂሳቡ ፊቷ ተሠርቶ አያውቅም። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሚ ተብላ የፈረመችበት ቀን ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደሞዝ ዝም ብሎ እንዳይቆረጥ ይከለክላል አለች። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ነው የሚቆረጠው፤ ያኔም ቢሆን ከወር ደሞዙ ሲሶ አይበልጥም። ለ5ኛው ሰውዬ አለቀ ማለት እንደማይችል በስሙ ጠርታ ነገረችው።

መልስ 10። መርካቶ የኖሩ አባት ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ሕጉን አልካዱም። ግን ጉድለቱን ሁሌ ባለ ሱቁ ከቻለው ለመቁጠር ማን ይጨነቃል ብለው ጠየቁ። እሳቸው ድሮ ለካሸር ከደሞዙ ሌላ በየወሩ ትንሽ የጉድለት ማካካሻ ይሰጡ ነበር። ካልጎደለበት የራሱ ነው።

መልስ 11። አንድ ሰው ታዲያ ወረቀቱ ግርጌ ጉድለት ቢገኝ እከፍላለሁ የሚል ዓረፍተ ነገር ቢታተም፣ የየቀኑ ፊርማ በጽሑፍ መስማማት ይሆናል ወይ አለ። 9ኛዋ በፍጹም አይሆንም አለች፣ ሰው ቁጥር አይቶ እንጂ ሳያየው አይስማማም። ሌላው ደግሞ ይሆናል አለ። እዚህ ላይ አልተግባቡም። እኔ ዓረፍተ ነገሩን አላስገባሁትም። ፊርማው ያየሁትን ቁጥር ጽፌአለሁ ማለት ብቻ እንዲሆን ነው የምፈልገው፤ የቅጣት ሽታ ካለው ልጆቹ ቁጥሩን ያሳምሩታል።

መልስ 12። አዳማ ያለች እህት ሁላችሁም ወተቱን ረሳችሁት ብላ መለሰችን። ሰኞ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ? ፍሪጅ በሩ ካልተከፈተ መብራት ጠፍቶም ወደ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወተቱን መጠርጠር ነው።

መልስ 13። እኔ ነኝ፣ ልጁን ጠይቄ መጣሁ። አዎ፣ ሰኞ ማታ 2፡40 ላይ ጠፍቷል። ልጁ ሲዘጋ በጨለማ ነው የዘጋው። የትኛው ማብሪያ እንደበራ፣ የትኛው እንደጠፋ መለየት አልቻለም። መብራቱ ሲመጣ ኃይሉ በዝቶ ፍሪጁን እንዳያቃጥለው ሰግቶ ዋናውን ብሬከር አወረደው። ወረቀቱም መብራት ማጥፋት ነው የሚለው። ለዕቃዬ አስቦ ያደረገው ነው። መብራቱ ማታ 4 ሰዓት ላይ መጣ ይላሉ የግቢው ጥበቃ። ብሬከሩ ግን እንደወረደ አደረ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልጅቷ ሳይበራላት ሲቀር ብሬከሩን አነሳች። ፍሪጁ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ፍሪጅ ታይቷል፣ ራይት። ወተቱ 10 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያለ መብራት ቆይቷል።

ይሄን ስጽፍ ልቤን የነካኝ ሁለቱም ወረቀቱ ያላቸውን በትክክል ማድረጋቸው ነው። ጥፋቱ የመስመሩ ነበር።

መልስ 14። የአዳማዋ እህት እንደገና። ሌሊት መብራት መጥፋቱን ማንም ሳያይ የሚያውቁበት ዘዴ አላት። ትንሽ የላስቲክ ኩባያ ውስጥ ውሃ አድርጋ ፍሪዘሩ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሲረጋ በረዶው ላይ የ1 ብር ሳንቲም ታኖራለች። ጠዋት ሳንቲሙ እላይ ካለ ደህና ነው። ኩባያው ሥር ከወረደ በረዶው ሙሉ ለሙሉ ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው። ወረቀቷ ላይ ሳንቲሙ የት አለ የሚል መስመር አላት፤ መልሱ ላይ፣ መሀል ወይም ታች ነው።

መልስ 15። 4ኛው ሰው ወደደው፣ ግን ገደቡን ጨመረ። ሳንቲሙ ስለ ፍሪዘሩ እንጂ ከታች ስላለው ወተት አይናገርም። የተሞላ ፍሪዘር ዝግ ሆኖ እስከ ሁለት ቀን ሳይቀልጥ ሊቆይ ይችላል፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን ያህል። ስለዚህ ሳንቲሙ እላይ ቁጭ ብሎ ወተቱ ሊበላሽ ይችላል። ለወተቱ ቴርሞሜትር ብቻ ነው። የሚነበበውም በሩ እንደተከፈተ፣ ብሬከር ከመነካቱ በፊት።

መልስ 16። አሜሪካ ሜሪላንድ ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ወንድም ነው። እነሱ ዘንድ ሰው በተቀያየረ ቁጥር የሲጋራ ፓኬት ተቆጥሮ ይፈረማል። ሁሉንም ዕቃ መቁጠር ስለማይቻል ትንሽ፣ ውድና ቶሎ የሚጠፋውን አንድ ነገር መርጦ መቁጠር ነው። ለእኔም የሞባይል ካርድ እንዲቆጠር መከረኝ።

መልስ 17፣ 18፣ 19። ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሌላ ሄደ። አንዱ አሁን ሰው በቴሌብር ስለሚሞላ ካርድ የሚገዛው ቀንሷል አለ። ሌላው ስለ ዝርዝር ችግር አነሳ፣ ለመልስ ማስቲካ የሚሰጡ ሱቆችን ወቀሰ። ጋሼ ግን ይቺን ወደ ጉዳያችን መለሷት። ለመልስ የተሰጠ ማስቲካ ማሽኑ ላይ ስለማይመታ ማታ ብሩ ይተርፋል፣ ማስቲካው ይጎድላል። የተረፈ ብር እንደ ጎደለ ብር መመርመር አለበት አሉ። መነሻው 1,500 ሲሆን ቢያንስ 300ው በ5 እና በ10 ብር ኖት መሆን እንዳለበት በወረቀቱ ላይ ይጻፍ፤ ጠዋት 200 ብር ይዞ ዳቦ ለሚገዛ ሰው መልስ የሚገኘው ከዚያ ነው።

መልስ 20። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ስለ ቀኑ አስጠነቀቀች። ወረቀቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ዜድ ሪፖርቱና የቴሌብር መልእክቱ በፈረንጅ። ሰዓቱም እንዲሁ፣ 13:56 እና 7፡56። ሁለቱም ጎን ለጎን ካልተጻፉ ከሁለት ወር በኋላ ማንም አያመሳክረውም። ዜዱም በስቴፕለር ከዚያው ቀን ወረቀት ጋር ይያያዝ።

መልስ 21። 4ኛው ሰው አንድ የመጨረሻ ነገር አለ። ማታ መጀመሪያ ብሩ ተቆጥሮ ይጻፍ፣ ዜዱ ከዚያ በኋላ ይውጣ። ዜዱን ያየ ሰው ሳያስበው እስከሚገጥም ነው የሚቆጥረው። 5ኛው ሰውዬ እዚህ ጋ ተመልሶ ይሄ ልክ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ አልተናደደም።

መልስ 22። 9ኛዋ ማታ ብቻውን የሚዘጋውን ልጅ አሰበችው። ሁለተኛ ቆጣሪ በሌለበት ቢጎድልበት ማን ይመሰክርለታል? አንዱ በቪዲዮ ይደወል አለ። ጋሼ ደግሞ ብሩ በፖስታ ታሽጎ፣ ልጁ ፊርማው ክዳኑም ፖስታውም ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ይፈርም፣ ጠዋት ልጅቷ ጥበቃው እያዩ ከፍታ ትቁጠር አሉ። ፖስታው ሌሊቱን የት ይደር በሚለው ላይ እስካሁን እየተከራከሩ ነው። ሱቅ ውስጥ ካደረ ሌባ አለ፣ ልጁ ይዞት ከሄደ መንገድ አለ።

መልስ 23። እኔ ነኝ። አዲሱ ወረቀት ይሄው። ሦስቱም ክፍሎች 11 መስመር ብቻ ናቸው፤ በቀላሉ ራይት የሚደረግባቸው ሁለት ናቸው። የርክክቡንና የመዝጊያውን እንደተሞላ አስቀምጫለሁ፦

ርክክብ፣ ሰዓት 7፡50
በመሳቢያ ያለ ብር፦ 8,215
የመጨረሻው የቴሌብር መልእክት ሰዓትና መጠን፦ 7፡41፣ 130 ብር
ደብተሩ ላይ ተጽፏል ☑
ያስረከበች ፊርማ ____ የተረከበ ፊርማ ____

መዝጊያ፣ ሰዓት 2፡50
ዜድ ከመውጣቱ በፊት የተቆጠረ ብር፦ 12,930
ከ127 የመጡት ድምር፦ 9,405
ከመሳቢያ የወጣ፣ ለማን፦ 1,200 ዳቦ
ፍሪጅ፦ 4 ዲግሪ
የመብራት ማብሪያዎች ጠፍተዋል፤ ቀይ ፕላስተር ያለበት ብሬከር አልተነካም ☑
መብራት ከጠፋ፣ የጠፋበት ሰዓት ____ የመጣበት ____
ፊርማ ____

9 ቀን ሠራንበት። አንድ ቀን 10 ብር ጎደለ፣ አንድ ቀን 35 ብር ተረፈ፤ የተረፈው ያልተመታ ሁለት ውሃ ሆኖ ተገኘ። እሁድ ጠዋት ልጅቷ 9 ዲግሪ ብላ ጽፋ ከጎኑ ወተት አልሸጥኩም ብላ ጨመረችበት። 12 ላስቲክ ነበር። ከሰርኩ፣ ግን ማንም ይዞት ወደ ቤቱ አልሄደም። ለዚያ ማስታወሻ የሚሆን ባዶ መስመር ወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ጠርዙ ላይ ነው የጻፈችው። ለነገው ሳትም መስመሩን እጨምራለሁ። ስለ ፖስታው ሐሳብ ያላችሁ ግን ቀጥሉ፣ አሁንም ማታ ማታ ልጁ ብቻውን ነው።